ቀሪውን ምን እናድርገው? (የአንድ ትምህርት ቤት አጥር ወጪ እንዴት ይሰላል)



ትምህርታችንን ጨርሰን ወደ ገጠር ትምህርት ቤት ስንመደብ ከጥቁር ሰሌዳው ውጭም የሚጠብቀን ሥራ አለ። የወላጆች ኮሚቴ ግቢውን ለማጠር ሲነሳ "ይኼንንማ መምህሩ ያስላልን" ማለቱ አይቀርም። ያ ስሌት ደብተር ውስጥ የሚቀር ስሌት አይደለም። በስብሰባ ላይ "ከየቤቱ ይህን ያህል ብር" ተብሎ ይነገራል፤ ገበሬውም እህሉን ሸጦ ይከፍላል። ገንዘቡ ካነሰ አጥሩ ሳይገጥም ይቀራል፤ ባልተዘጋው በኩልም ከብት ገብቶ ችግኙን ይጨርሰዋል። ሁለተኛ መዋጮ ለመጠየቅ ደግሞ ፊት አይኖርም።

የአጥር ስሌት ከባድ ሒሳብ የለበትም። መደመር፣ ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው። ታዲያ ለምን ይሳሳታል ቢባል፣ አብዛኛው ስሕተት የሚመጣው ከማካፈሉ ሳይሆን ካካፈልን በኋላ ከሚተርፈው ቁጥር ነው። 28.8 ብለን ስናገኝ ያቺን ነጥብ ስምንት ምን እናድርጋት? እንጣላት? ወይስ ወደ 29 እናሳድጋት? መልሱ እንደ ሥራው ይለያያል። በአንድ አጥር ስሌት ውስጥ ብቻ አንዴ የምናሳድግበት፣ አንዴ የምንጥልበት፣ አንዴ ደግሞ አንድ የምንጨምርበት ቦታ አለ። በዚህ ጽሑፍ አንድ ግቢ ይዘን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እናሰላለን። የተጠቀሰው ዋጋ ሁሉ ስሌቱን ለማሳየት የተወሰደ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው በአካባቢው ገበያ ጠይቆ ይተካው።

1. ግቢውና ዙሪያው

ግቢያችን ሬክታንግል ነው እንበል። ርዝመቱ 72 ሜትር፣ ወርዱ 46 ሜትር ነው። ዙሪያው እንግዲህ 72 + 46 + 72 + 46 = 236 ሜትር ይሆናል። በአንደኛው ረጅም ጎን መካከል 4 ሜትር ስፋት ያለው በር አለ። በሩ በሽቦ ስለማይታጠር ይቀነሳል። 236 − 4 = 232 ሜትር፤ የሚታጠረው ይህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። አንዳንድ ጊዜ ኮሚቴው የሚያውቀው የግቢውን ስፋት ብቻ ነው። "ግቢው 3312 ካሬ ሜትር ነው፤ አስላልን" ይላል። በዚህ ብቻ ማስላት አይቻልም። የእኛ ግቢ 72 × 46 = 3312 ካሬ ሜትር ነው። ነገር ግን 92 ሜትር ርዝመትና 36 ሜትር ወርድ ያለው ሌላ ግቢም ስፋቱ ያው 3312 ነው፤ ዙሪያው ግን 256 ሜትር ይሆናል። ስፋታቸው እኩል ሆኖ ሳለ ሁለተኛው በ20 ሜትር ይበልጣል። አምስት ረድፍ ሽቦ ሲዞርበት 100 ሜትር ተጨማሪ ሽቦ ማለት ነው። ስለሆነም ሜትር ይዞ መሄድና እያንዳንዱን ጎን ለየብቻ መለካት ግዴታ ነው።

ሲለካም ሜትሩ መሬቱን ተከትሎ ይዘርጋ። ተዳፋት ያለበት ቦታ ላይ ካርታው የሚያሳየው ርዝመት በመሬቱ ላይ ከሚለካው ያንሳል፤ ሽቦው ደግሞ የሚሄደው በመሬቱ ላይ ነው። ይህች ትንሽ ልዩነት ምን እንደምታመጣ ስለ ሽቦው ስንነጋገር እናያለን።

2. ቋሚ ስንት ነው? ክፍተትስ?

ቋሚዎቹ ከ2.5 ሜትር በላይ እንዳይራራቁ ተወስኗል እንበል። ርቀቱ ከዚያ ከበለጠ ከብት ሲገፋው ወይም ልጆች ሲደገፉበት ሽቦው መካከሉ ላይ ይረግባል።

አብዛኛው ሰው ወዲያው 232 ÷ 2.5 = 92.8 ይልና "92 ቋሚ ይበቃል" ብሎ ይደመድማል። በዚህ አንድ መስመር ውስጥ ሦስት ስሕተት አለ። የመጀመሪያው፣ ማካፈሉ የሰጠን የቋሚ ቁጥር ሳይሆን የክፍተት ቁጥር ነው። በሁለት ቋሚዎች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ክፍተት እንበለው።

ይህን ለተማሪዎች ለማስረዳት ስድስት ስንጥርና አንድ ገመድ ይበቃል። 10 ሜትር ገመድ ሜዳ ላይ ቀጥ አድርገን እንዘርጋና በየ2 ሜትሩ አንድ ስንጥር እንትከል። 10 ÷ 2 = 5 ነው፤ ነገር ግን ስንጥሮቹን ስንቆጥር 6 ናቸው። ምክንያቱም ክፍተቱ አምስት ሲሆን በሁለቱም ጫፍ ስንጥር ስላለ ነው። አሁን ያንኑ ገመድ አዙረን ሁለቱን ጫፎች እናገናኝ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ስንጥር አንድ ቦታ ላይ ስለሚገናኙ አንዱ ይነሳል፤ 5 ይቀራል። እንግዲህ ሕጉ ይህ ነው፦ አጥሩ ሙሉ በሙሉ ከዞረ የቋሚው ቁጥር ከክፍተቱ ቁጥር እኩል ነው። በር ካቋረጠው ግን የቋሚው ቁጥር ከክፍተቱ በአንድ ይበልጣል። ልጆቹ ስንጥሩን በገዛ እጃቸው ካነሱት ሕጉን በቃል ማስጠናት አያስፈልግም።

ሁለተኛው ስሕተት ነጥብ ስምንቷን መጣል ነው። ክፍተቱን 92 ብቻ ካደረግን 232 ሜትሩን ለመሸፈን እያንዳንዱ ክፍተት ከ2.5 ሜትር ማለፍ አለበት። "ከ2.5 አይበልጥም" ብለን ወስነን የለም እንዴ? ስለዚህ ክፍተት ሲሆን ነጥቡ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን ወደ ላይ ይታደጋል እንጂ አይጣልም።

ሦስተኛው ስሕተት ደግሞ ዙሪያውን በጅምላ ማካፈል ነው። በማዕዘኑ ላይ የግድ ቋሚ መቆም አለበት፤ ሽቦው ማዕዘን ላይ ያለ ቋሚ አይታጠፍም። 72 ሜትሩን በ2.5 እየለካን ብንሄድ ማዕዘኑ ላይ ልክ አይገጥምም። በመሆኑም እያንዳንዱ ጎን ለብቻው ተካፍሎ ለብቻው ወደ ላይ ይታደጋል። እናስላው፦

የኋላው ጎን፦ 72 ÷ 2.5 = 28.8 ስለሆነ 29 ክፍተት።
የቀኙ ጎን፦ 46 ÷ 2.5 = 18.4 ስለሆነ 19 ክፍተት።
የግራው ጎን፦ እንደዚሁ 19 ክፍተት።
የፊቱ ጎን፦ በሩ መካከል ስላለ ከበሩ ግራና ቀኝ 34 ሜትር፣ 34 ሜትር ይቀራል። 34 ÷ 2.5 = 13.6 ስለሆነ 14 እና 14 ክፍተት።

ድምሩ 29 + 19 + 19 + 14 + 14 = 95 ክፍተት ይሆናል። በሩ ስላቋረጠው አንድ ይጨመራል፤ 96 ቋሚ። በችኮላ የተገኘው 92 ነበር። ልዩነቱ አራት ቋሚ ነው። አራት ቋሚ ምን አላት ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን አራቱ የሚጎድሉት ሥራው መጨረሻ ላይ ነው። ያኔ ሠራተኛው ቀሪዎቹን አራርቆ ይተክላቸዋል። ከተሠራ በኋላ እንኳ ማወቅ ይቻላል፤ በመጨረሻው ጎን ያሉት ክፍተቶች ከመጀመሪያዎቹ ይሰፋሉ፣ ሽቦውም በእጅ ሲጫኑት ወደ ታች ይሄዳል።

ቁጥሩ ከታደገ በኋላ ትክክለኛውን ርቀት ለማግኘት ጎኑን በክፍተቱ ቁጥር መልሰን እናካፍላለን። ለምሳሌ 46 ÷ 19 = 2.42 ሜትር ገደማ ነው። ችካሉ በየ2.42 ሜትሩ ቢመታ የመጨረሻው ማዕዘኑ ላይ ይገጥማል። በየ2.5 ሜትሩ ቢመታ ግን የመጨረሻው ክፍተት 1 ሜትር ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ግቢው ሬክታንግል ባይሆንም፣ አምስት ወይም ስድስት ጎን ቢኖረውም፣ መንገዱ ያው ነው። ጎን በጎን ይካፈላል፣ ይታደጋል፣ ይደመራል።

3. እንጨቱ

ከ96ቱ ቋሚዎች አራቱ በማዕዘን፣ ሁለቱ በበሩ ግራና ቀኝ ይቆማሉ። እነዚህ ስድስቱ የሽቦውን ጉተታ የሚሸከሙ ስለሆኑ ወፍራምና ረዘም ያሉ መሆን አለባቸው። እያንዳንዳቸው 2.5 ሜትር ይሁኑና 90 ሳንቲ ሜትሩ ይቀበር። የቀሩት 90 ተራ ቋሚዎች ናቸው። በተጨማሪ የማዕዘን ቋሚ ከሁለት አቅጣጫ ስለሚጎተት ሁለት ሁለት ደጋፊ እንጨት፣ የበሩ ቋሚ ደግሞ አንድ አንድ ደጋፊ ይፈልጋል። 8 + 2 = 10 ደጋፊ ማለት ነው። ደጋፊው 1.8 ሜትር ይበቃዋል።

ባሕር ዛፉ በገበያ የሚሸጠው በ6 ሜትር ቁመት ነው እንበል። ኮሚቴው ተራ ቋሚው 2.1 ሜትር እንዲሆን ፈልጓል፤ 60 ሳንቲ ሜትሩ ይቀበራል፣ 1.5 ሜትሩ ከመሬት በላይ ይቆማል። ስንት ባሕር ዛፍ ይገዛ?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው 90 × 2.1 = 189 ሜትር፣ ከዚያም 189 ÷ 6 = 31.5፣ ስለዚህ 32 ባሕር ዛፍ ይላል። ይህ ትክክል አይደለም። ከአንድ እንጨት የተረፈውን ከሌላው ጋር ቀጥለን ቋሚ ልናደርገው አንችልማ! ማካፈል ያለብን አንዱን እንጨት ነው። 6 ÷ 2.1 = 2.85 ገደማ ይሆናል። ይኼኛው ቀሪ ወደ 3 አይታደግም፤ ይጣላል። ከአንድ እንጨት የሚወጣው 2 ቋሚ ብቻ ሲሆን 1.8 ሜትር ቁራጭ ይተርፋል። 90 ÷ 2 = 45 ባሕር ዛፍ ያስፈልጋል ማለት ነው። ደጋፊዎቹ ከቁራጮቹ ይወጣሉ፤ የቀሩት 35 ቁራጮች ግን ለማገዶ ይሆናሉ።

አሁን ቋሚውን በ10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ብናሳጥረውስ? 6 ÷ 2 = 3፣ ያለ ቀሪ። 90 ÷ 3 = 30 ባሕር ዛፍ። ቁራጭ ስለማይተርፍ ደጋፊዎቹ ለብቻ ይገዛሉ፤ 6 ÷ 1.8 = 3.33 ስለሆነ ነጥቡን ጥለን ከአንዱ 3 ደጋፊ ይወጣል። 10 ÷ 3 = 3.33 ደግሞ ወደ ላይ ይታደግና 4 ባሕር ዛፍ ይገዛል። እዩት እንግዲህ፤ ሁለቱም 3.33 ነው፣ አንዱ ሲጣል ሌላው ይታደጋል። የመጀመሪያው "ከአንዱ ስንት ይወጣል?" የሚል ጥያቄ ስለሆነ ይጣላል። ሁለተኛው "ስንት እንግዛ?" የሚል ስለሆነ ይታደጋል። ድምሩ 30 + 4 = 34 ባሕር ዛፍ ነው። ከ45 ጋር ሲነጻጸር 11 እንጨት ተረፈ።

ታዲያ የምንቀንሳት 10 ሳንቲ ሜትር ከላይ ትሁን እንጂ ከሚቀበረው አትሁን። ጥልቀቱ ከተነካ ክረምት ገብቶ መሬቱ ሲርስ ቋሚው ያዘነብላል። ስለዚህ 60 ሳንቲ ሜትሩ ይቀበር፣ 1.4 ሜትሩ ከላይ ይቁም። ሌላም መጠንቀቅ አለብን፤ ባሕር ዛፍ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ ሦስተኛው ቁራጭ ቀጭን ይሆናል። በመሆኑም እንጨቱ ሲመረጥ ግንዱን ሳይሆን ጫፉን ማየት ነው። ጫፉ ምስማር ሲመታበት የሚሰነጠቅ ከሆነ ከዚያ እንጨት ሦስት ቋሚ ይወጣል ብሎ መቁጠር አይቻልም።

እንጨቱ ከመተከሉ በፊት ልጡ ይላጥ፤ የሚቀበረው ክፍልና ከመሬት በላይ አንድ ስንዝር ያህሉ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባ። ምስጥና ብስባሴ የሚጀምረው አፈሩና አየሩ በሚገናኙበት ቦታ ነው። ለዚህ አንድ ጀሪካን ዘይት እንያዝ።

4. ሽቦው

ባለ እሾህ ሽቦው አምስት ረድፍ ነው። ከመሬት በ15፣ በ35፣ በ60፣ በ95 እና በ130 ሳንቲ ሜትር ላይ ይወጠራል። ከታች ጠበቅ፣ ከላይ ሰፋ የተደረገው ፍየልና ጥጃ የሚሾልኩት ከታች ስለሆነ ነው።

232 × 5 = 1160 ሜትር። ነገሩ በዚህ አያበቃም። ሽቦው በየጎኑ ለየብቻ ይወጠራል። በሩ የፊቱን ጎን ለሁለት ስለከፈለው አምስት ውጥር አለ። እያንዳንዱ ውጥር በሁለት ጫፍ ይታሰራል፤ ለአንድ ማሰሪያ ግማሽ ሜትር እንያዝ። በአንድ ረድፍ 10 ማሰሪያ ነው፤ 5 ሜትር ይሄዳል። በአምስቱ ረድፍ 25 ሜትር። አንዱ ጥቅል አልቆ ከሚቀጥለው ጋር ሲጋጠም ደግሞ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይደራረባል፤ አምስት መጋጠሚያ ቢኖር 2 ሜትር። ጠቅላላው 1160 + 25 + 2 = 1187 ሜትር ነው።

ጥቅሉ ሲገዛ ኪሎውን ሳይሆን ሜትሩን መጠየቅ ያስፈልጋል። ሽቦው ከወፈረ በዚያው ኪሎ ርዝመቱ ያንሳል። አንዱ ጥቅል 200 ሜትር ነው እንበል። 1187 ÷ 200 = 5.935 ይሆናል። ሱቅ ጥቅል ቆርጦ ስለማይሸጥ ወደ 6 ይታደጋል። ነጥቡን ጥሎ 5 የገዛ ሰው አራቱን ረድፍ ከጨረሰ በኋላ አምስተኛውን ሩብ ያህል እንኳ ሳያዞር ሽቦው ያልቅበታል።

6 ጥቅል 1200 ሜትር ነው። የሚተርፈው 13 ሜትር ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። የተዳፋቱ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ሁለቱ አጭር ጎኖች በካርታ 46 ሜትር ሆነው በመሬቱ ላይ ሲለኩ 47.5 ቢሆኑስ? በሁለቱ ጎን 3 ሜትር፣ በአምስት ረድፍ 15 ሜትር ይጨመራል። 13 ሜትሩ አይበቃም፤ ሰባተኛ ጥቅል መግዛት ግድ ይሆናል። አንድ ሜትር ተኩል ሳይለካ በመቅረቱ የአንድ ሙሉ ጥቅል ዋጋ ተጨመረ ማለት ነው። የእኛ ግቢ በመሬቱ ላይ ተለክቶ 46 የሆነ ስለሆነ በ6 ጥቅል እንቀጥላለን።

ሽቦውን በቋሚው ላይ አቅፎ የሚይዘው ባለ ሁለት ጫፍ ምስማርም ይቆጠር። በ90ው ተራ ቋሚ ላይ ለየረድፉ አንድ አንድ፤ 90 × 5 = 450። በማሰሪያዎቹ ላይ ሁለት ሁለት፤ ማሰሪያው 50 ስለሆነ 100። በድምሩ 550 ምስማር። ሱቅ ውስጥ ኪሎ አስመዝኖ መቁጠር ነው፤ በኪሎ 120 ቢገባ 550 ÷ 120 = 4.58፣ ስለዚህ 5 ኪሎ። የሚተርፈው 50 ምስማር ለሚጣመመው ይሆናል።

5. የእጅ ዋጋ

ጉድጓድ ቆፍሮ ለመትከል በቋሚ መዋዋል ይሻላል። ለተራው ቋሚ 60 ብር፣ ጥልቅ ጉድጓድ ለሚፈልገው ወፍራም ቋሚ 120 ብር፣ ለደጋፊ 40 ብር እንበል። 90 × 60 = 5400፣ 6 × 120 = 720፣ 10 × 40 = 400። ድምሩ 6520 ብር።

በቀን ሒሳብ ቢሆንስ? አንድ ሰው በለስላሳ መሬት በቀን 8 ቋሚ ቆፍሮ ከተከለ ለ96ቱ 12 ቀን ያስፈልጋል። መሬቱ ድንጋያማ ሆኖ በቀን 4 ብቻ ከተከለ 24 ቀን ይሆናል፤ ወጪው እጥፍ ሆነ። በቁርጥ የተዋዋልን እንደሆነ ደግሞ ጉዳቱ በሠራተኛው ላይ ይወድቅና ጉድጓዱን ሳያጠልቅ ሊያልፈው ይችላል። ስለሆነም ውሉ ከመፈረሙ በፊት በተለያየ ቦታ ሁለት ሦስት ጉድጓድ በዲጂኖ አስቆፍሮ መሬቱን ማየት፣ ሲተከልም 60 ሳንቲ ሜትር የተቆረጠ እንጨት ይዞ ጥልቀቱን መለካት ተገቢ ነው።

ሽቦ ለመወጠር የሚከፈለው በሜትር ነው። ጠብ የሚነሳውም እዚህ ላይ ነው። "በሜትር 5 ብር" ሲባል የምን ሜትር? የአጥር ሜትር ከሆነ 232 × 5 = 1160 ብር ነው። የሽቦ ሜትር ከሆነ ግን 1160 × 5 = 5800 ብር ነው። አንድ ሜትር አጥር አምስት ሜትር ሽቦ ይዟልና። ኮሚቴው የመጀመሪያውን፣ ሠራተኛው ሁለተኛውን አስበው ሁለቱም "ተስማምተናል" ብለው ይጨባበጣሉ፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ግን ክሱ ይጀምራል። ውሉ ላይ "ለአንድ ሜትር አጥር፣ አምስቱ ረድፍ ተወጥሮ፣ 25 ብር" ተብሎ ቢጻፍ 232 × 25 = 5800 ብር ይሆናል፤ ማንም አይከራከርም። ክፍያው ለተወጠረው እንጂ ለተገዛው ሽቦ አለመሆኑም ይጻፍ።

6. ጠቅላላ ወጪና መዋጮ

ባሕር ዛፍ 34 × 350 = 11,900 ብር
ወፍራም ቋሚ 6 × 600 = 3,600 ብር
ባለ እሾህ ሽቦ 6 × 6,000 = 36,000 ብር
ምስማር 5 × 250 = 1,250 ብር
የተቃጠለ ዘይት አንድ ጀሪካን 700 ብር
ማጓጓዣ 2,500 ብር
መቆፈርና መትከል 6,520 ብር
ሽቦ መወጠር 5,800 ብር
ድምር 68,270 ብር

በሩ በብረት ሠራተኛ ለብቻው ስለሚሰላ እዚህ ውስጥ አልገባም። ይህንንም ለስብሰባው ቀድሞ መንገር ነው፤ አለዚያ "በሩስ?" የሚል ጥያቄ በኋላ ይመጣል።

ከዋጋው ከግማሽ በላይ የወሰደው ሽቦው መሆኑ ይታያል። ስለዚህ ገንዘብ ለመቆጠብ የሚፈልግ ኮሚቴ መጀመሪያ መነጋገር ያለበት ስለ ረድፉ ብዛት ነው። አራት ረድፍ ቢሆን 237 × 4 = 948 ሜትር ከነማሰሪያው፣ መጋጠሚያው ተጨምሮ በ5 ጥቅል ያልቃል፤ 6,000 ብር ይቀንሳል። ነገር ግን ፍየል በሚበዛበት አካባቢ አራት ረድፍ አይበቃም። ቋሚዎቹን ማራራቅ ግን ብዙ ገንዘብ ሳያተርፍ አጥሩን ያረግበዋል።

መዋጮውን የሚከፍሉት 140 አባወራዎችና እማወራዎች ናቸው እንበል። 68,270 ÷ 140 = 487.64 ብር ገደማ። ይህችን የመጨረሻ ቀሪ ምን እናድርጋት? 487 ብር ብንል 487 × 140 = 68,180 ነው፤ 90 ብር ይጎድላል። 488 ብንል 68,320 ይሆንና ይበቃል። ለአከፋፈል እንዲመች 490 ቢባል 68,600 ይሰበሰባል፤ የሚተርፈው 330 ብር ከነምክንያቱ ለስብሰባው ይነገራል። ገንዘብ ሲሰበሰብ ቀሪው ሁልጊዜ ወደ ላይ ይታደጋል፤ የተረፈው ግን በመዝገብ ይግባ።

በአጠቃላይ ክፍተት፣ ጥቅል፣ ኪሎና መዋጮ ወደ ላይ ይታደጋሉ። ከአንድ እንጨት የሚወጣው ቁራጭ ይጣላል። በር ያቋረጠው አጥር ላይ አንድ ቋሚ ይጨመራል። ተማሪዎቻችንን "ነጥቡን ጣሉት" ወይም "ነጥብ አምስትና ከዚያ በላይ ከሆነ አሳድጉት" ብቻ ብለን ካስተማርናቸው ይህን አጥር ማጠር አይችሉም። ቀሪ ባገኙ ቁጥር "የምን ቀሪ ነው?" ብለው እንዲጠይቁ ማድረግ አለብን።

ለመልመጃ

አንድ የትምህርት ቤት የአትክልት ቦታ አራት ጎን አለው፤ ጎኖቹ 21፣ 17፣ 24 እና 15 ሜትር ናቸው። በ24 ሜትሩ ጎን ላይ ልክ ከማዕዘኑ አጠገብ 1.5 ሜትር ስፋት ያለው መግቢያ አለ፤ የማዕዘኑ ቋሚ የበሩም ቋሚ ሆኖ ያገለግላል። ቋሚዎቹ ከ2 ሜትር በላይ መራራቅ የለባቸውም። ስንት ቋሚ ያስፈልጋል? 39 ያገኘ ሰው ዙሪያውን በጅምላ አካፍሏል ማለት ነውና ጎን በጎን እንደገና ያስላ። መልሱ ከነአሠራሩ በሚቀጥለው እትም ይወጣል።